ከሞት ዐሥራ አንድ ቀን በፊት የተጻፈ ኑዛዜ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ነው እንበል። አንዲት ባልቴት ሊሞቱ ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀራቸው ቤታቸውን ላስታመመቻቸው የእህታቸው ልጅ ተናዘዙ። ደሴ ያሉት ልጆቻቸው ከሰልስት በኋላ ክስ አቀረቡ፦ «እናታችን በመጨረሻ እኛንም አይለዩንም ነበር፤ ልጅቱ አታልላቸው ነው።»

ልጆቹ የያዙት መንገድ ጠባብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 863 ኑዛዜን በእብደት ምክንያት ለማፍረስ፣ እብደቱ ኑዛዜው በተደረገበት ጊዜ በግልጽ የታወቀ እንዲሆን ይጠይቃል። ትኩሳትና የስም መሳት እዚያ አያደርስም። ተጽዕኖ ተደረገ የሚለው ክርክርም በቁጥር 868 በመርሕ ደረጃ ተዘግቷል፤ በሩ የሚከፈተው ቀጥለው ለተዘረዘሩት ለእነ ሞግዚት ዓይነት ሰዎች ነው። አስታማሚ ዘመድ መሆን ብቻውን ጥፋት አይደለም። ደግሞስ ማን ነበር ሌሊት ውሃ የሚያቀብላቸው?

ጠንካራው ነጥብ ሌላ ቦታ ነው። ቁጥር 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ላይ እንዲሰፍር ያዛል። እዚህ አራት ፊርማ አለ። አራተኛው ምስክር ግን በመስቀለኛ ጥያቄ፦ «ሲነበብ ደጅ በቅሎዬን እያሰርኩ ነበር፤ ገብቼ ፈረምኩ» አለ። በእኔ እምነት ኑዛዜው የሚወድቀው በሴትዮዋ አእምሮ ሳይሆን በዚህች በቅሎ ነው።