የሥልጠና ኬዝ፦ «ቅዳሜ ገበያ ይመጣል»

ይህ ኬዝ የሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ደብረ ማርቆስ ለምንሰበሰብ የጤና ጣቢያና የሆስፒታል ባለሙያዎች የተዘጋጀ። ባለታሪኩ የፈጠራ ሰው ነው፤ አበጀ ብለነዋል። ግን ከቢቸና እስከ ቡሬ ተመላላሽ ክፍል የሠራ ሰው እንዲህ ያለ ንግግር ሳይሰማ አልቀረም። ጥያቄዎቹ ጋ ስትደርሱ ቁሙና ተወያዩ። ከዚያ በታች ያለው የእኔ አቋም ነው፤ ተከራከሩኝ።

ታሪኩ

ሐሙስ ጠዋት ነው። አበጀ 46 ዓመቱ ነው፣ ገበሬ። እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ማታ ማታ አረቄ ሳይዝ አይተኛም። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ በሩን ዘጋች። መጀመሪያ ስለ ሆዱ፣ ስለ ራስ ምታቱ አወራ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲስተር፣ ይቺን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩ። ወንድሜን የበላው ሰውዬ ከእስር ወጥቷል። ቅዳሜ ገበያ ይመጣል። ያን ቀን ይለይልናል።»

ነርሷ መጻፏን አቆመች። «አያ አበጀ፣ ይለይልናል ሲሉ ሊገድሉት አስበዋል ማለት ነው?»

«እንግዲህ ደም ነው።»

«መሣሪያው ቤት ነው?»

«የት ይሄዳል።»

«እንደሚመጣ በምን አወቁ?»

«በሬ ሊሸጥ ነው አሉ። በወንዙ ማቋረጫ ነው የሚያልፍ።»

«ወንድምዎ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነ አሉኝ። እስከ ዛሬ ምን ያዘዎት?»

ዝም አለ። ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። «እናቴ። አንዱን ቀበረች። ለሌላው ደግሞ ወህኒ ስንቅ ታመላልስ?»

ሊወጣ ሲነሳ እጁን በሩ ላይ አድርጎ፣ «ይህ በእኔና ባንቺ ይቅር» አለ።

ቁሙና ተወያዩ

ይህ ንዴት ነው ወይስ ዕቅድ? ነርሷ ሚስጥሩን መጠበቅ አለባት? ካልጠበቀች ለማን ትናገር፣ ምን ያህል፣ በምን ቅደም ተከተል? አበጀ አሁን በዚያ በር ቢወጣ ምን ይሆናል?

የእኔ አቋም

ከመጀመሪያው ልጀምር። እኛ አገር «እገድለዋለሁ» ቀላል ቃል ነው። እናት ለልጇ በቀን ሦስቴ ትለዋለች። ሰው ያን ባለ ቁጥር ሚስጥር የምናወጣ ከሆነ ማንም አፉን አይከፍትልንም፣ ያኔ ደግሞ የእውነቱን ዛቻም አንሰማም። የአበጀ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ይታወቃል። ቀኑ ይታወቃል። መንገዱ ይታወቃል። መሣሪያው ቤት ነው፣ አረቄውም አለ። ይህን ሁሉ ያወቅነው ነርሷ ስለጠየቀች ነው። «አይዞዎት፣ ይተዉት» ብላ ብታልፍ ኖሮ በእጃችን አንድ ግልጽ ያልሆነ ቃል ብቻ ነበር የሚቀረን። ሰው ሊገድል ያሰበን በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም። ሐሳቡ አስቀድሞ አለ።

ስለ ሕጉ ብዙ አልቆይም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር ማውጣትን ያስቀጣል፤ ሐኪምም ነርስም አዋላጅም አይቀርም። ስለዚህ «ሰው ለማዳን ነው» ብሎ ሁሉን ለሁሉ መዘርገፍ አይቻልም። ከእያንዳንዱ ቃል ጀርባ ምክንያት ያስፈልጋል፣ የጽሑፍ ማስረጃም።

በየአገሩ በዚህ ጉዳይ የሚጠቀሰው የካሊፎርኒያው የታራሶፍ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በበርክሌይ አንድ ተማሪ ታቲያና ታራሶፍ የምትባል ወጣት ሊገድል ማሰቡን ለሥነ ልቦና ባለሙያው ተናገረ። ባለሙያው ለግቢው ፖሊስ አሳወቀ። ፖሊሶች ይዘው አነጋገሩት፣ ጤነኛ መሰላቸውና ለቀቁት። ለእሷም ለቤተሰቧም የነገረ የለም። በጥቅምት ገደላት። ቤተሰቧ ከሰሰ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ባለሙያው የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት አለ። ጉዳዩ እንደገና ታየና በ1976 ግዴታውን ወደ መጠበቅ አሰፋው። ማስጠንቀቅ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም ማለት ነው።

ያ ፍርድ እኛን አያስገድደንም። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ለጎጃም የተጻፈ ይመስለኛል። ነርሷ ስልክ አንሥታ ለሰውየው ቤተሰብ «አበጀ ሊገድላችሁ ነው» ብትል ምን ይሆናል? ወንድሞቹ ቅዳሜን አይጠብቁም። ሐሙስ ማታ አበጀ ደጅ ይደርሳሉ። ደመኛ ባለበት አገር ማስጠንቀቂያ ብቻውን ጥይት ማቀበል ነው። ሁለት ቤት እናቃጥላለን፣ በቅን ልብ። ለዚህ ነው ጥያቄያችን «ልናገር ወይስ ዝም ልበል» መሆን የሌለበት፤ «የሚሞተው ሰው እንዳይሞት፣ እኔ ዘንድ የመጣውም እንዳይሞት ማን ምን ያድርግ» ነው መሆን ያለበት።

ባለፉት ሥልጠናዎች ሦስት መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዱ «የነፍስ አባትም ቢሆን አያወጣም» ይላል። ቄሱ በቃለ መሐላው ይጠየቅበት፤ እኛ ለአበጀ ፍጹም ዝምታ ቃል አልገባንም፣ ልንገባም አይገባም። ሌላው «ቶሎ ለፖሊስ» ይላል። ትክክል ነው፣ ግን አበጀ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እያለ ሩጫው ለምን? ሦስተኛው «ሽማግሌ ይላክ» ይላል። እርቅን እወዳለሁ፣ ደም ያደረቀ ሽማግሌ በዓይኔ አይቻለሁ። እርቅ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፣ የአበጀንም ፈቃድ ይፈልጋል። ለቅዳሜ አይደርስም። ለሰኞ ይቆይ።

ስለዚህ መጀመሪያ አበጀ ራሱ። ስድስት ዓመት የያዘችው እናቱ ናት፤ ያንን ክር አንልቀቅ። አልጋ ይሰጠው፣ ቅዳሜን እዚህ እንዲያሳልፍ በደንብ እንለምነው። እንቅልፉንና አረቄውን ማከም ለማስመሰል አይደለም፣ እውነተኛ ሕክምና ነው። አረቄውን በድንገት ካቆመ መንቀጥቀጡንም እንከታተል። መሣሪያውን «አስረክብ» አንበለው፤ ይዋረዳል። «ለሚያምኑት ሰው አደራ ይስጡት» እንበለው። አማቹን ከመረጠ በእሱ ፊት እንደውልለት። እምቢ ካለ ወይም ሊወጣ ከተነሳ ግን ሚስጥሩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ይህን ለራሱ ደግሞ ፊት ለፊት እንነግረዋለን፣ ለነርሷ የማያሰጋ ከሆነ። ተስማምቶ ቢተኛም ነርሷ ብቻዋን አትወስን። ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ያኔውኑ ትንገር።

ለፖሊስ ሲነገር ለኃላፊው እንጂ በር ላይ ላለው ጥበቃ አይደለም። የሚነገረው ስም፣ ቀን፣ ቦታና መሣሪያ ብቻ ነው። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ አረቄው፣ ስለ ምርመራው አንዲት ቃል አይጨመር። «ማቋረጫው ላይ ጥበቃ ይኑር፣ ለሚፈለገው ሰው እናንተ ራሳችሁ ከለላ እየሰጣችሁ ንገሩት፣ ምንጩ እንዳይወጣ» ይባል። እንደ ታራሶፍ ጉዳይ ፖሊስ ነግረናል ብሎ መተኛትም የለም፤ ምን እንዳደረጉ አርብ ተመልሰን እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ካርድ ክፍል። ካርዱን ከክፍል ክፍል የሚያደርሰው ልጅ የሰውየው የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ከተማችን ትንሽ ናት። የዛቻውን ዝርዝር በሚዞረው ካርድ ላይ አትጻፉ፤ በዳይሬክተሩ ቁልፍ ስር በሚቀመጥ ወረቀት ይጻፍ። አበጀ ያለው በራሱ ቃል፣ ሰዓቱ፣ ማን እንደተማከረ፣ ለማን ምን እንደተነገረ፣ ለምን።

ከሻይ በኋላ ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዱ አበጀ ይሁን፣ እጁ በሩ ላይ ነው። ሌላው ይህን በራሱ አነጋገር ይበለው፦ «አያ አበጀ፣ ይቀመጡ። ያሉኝን ብቻዬን ልይዘው አልችልም፣ ሰው ሊሞት ነው፣ እርስዎም ሊጠፉ ነው። ለማን እንደምነግር እርስዎ ባሉበት እንወስን። እናትዎ ዛሬ ማታ የት ናቸው?»