ሰኞ ማታ ለጻፍሽልኝ መልስ

እህቴ፣

ሰኞ ማታ 5:40 ላይ የላክሽልኝን በዚያው ሌሊት አነበብኩት። ጠዋት ተነስቼ ደገምኩት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ቀስ ብዬ አነበብኩት። “አይቼዋለሁ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ ብዬ እመልስልሻለሁ” ብዬ አንድ መስመር ብቻ የላክሁልሽ ነገሩን አቅልዬው አይደለም። ሌሊቱን ብመልስ ኖሮ አንቺ ያልሽውን ሳይሆን ራሴን የማድንበትን ነበር የምጽፈው። በድምፅ ያልላክሁትም ድምፄ እንዳያለቅስብሽና ተናደሽ እያለ አንቺው እንዳታጽናኚኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ከመልእክትሽ የገባኝን ልጻፍልሽ። የሳትኩት ካለ አርሚኝ።

በኅዳር መጨረሻ “አከራዬ ቤቱን ለልጁ ሊሰጠው ነው፣ የእቁባችንን የጥር ዕጣ ለኔ አድርጊልኝ” ስትይኝ “አይዞሽ፣ በኔ ጣይው” አልኩሽ። አንቺም ጣልሽው። ደላላ ያናገርሽው፣ አዲሱን ቤት ያየሽው፣ ለሴትየዋ “ጥር 20 ብሩን ይዤ እመጣለሁ” ያልሻት እኔን አምነሽ ነው። የኔ ቃል አንቺ ለሌላ ሰው የሰጠሽው ቃል ሆኖ ነበር። ስለዚህ እሁድ ዕለት የቀረብሽ 120,000 ብር ብቻ አይደለም፤ እኔ ቃሌን ሳጥፍ ሴትየዋ ፊት ዋሾ የምትሆኚው አንቺ ነሽ። “ልጄን ይዤ የት ልግባ” ብለሽ የጻፍሽው መስመር ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። የካቲት 5 ልቀቂ ተብለሽ፣ የምታምኚው ነገር ከእጅሽ ሲወጣ የሚሰማው ፍርሃት ቀላል አይደለም። መናደድሽ አልበዛም።

ከዕጣው ይልቅ ያቆሰለሽ ደግሞ የሰማሽበት መንገድ ነው። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ፊትሽ ቆሞ እያለ ቴሌግራም ከፍተሽ፣ በቡድኑ ላይ “የጥር ዕጣ እንኳን ደስ ያለሽ” የሚለውን ከነአበባው አየሽ። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። “እንደ ማንኛዋም አባል፣ እንደ ባዕድ” ብለሻል። ልክ ነሽ። አሥራ ሁለት ሰው ከሚያነበው በፊት አንድ ስልክ ይገባሽ ነበር። ሌሎቹ ደስታቸውን ሲገልጹ አንቺ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ? ዝም ብትዪ ምቀኛ ልትባዪ፣ እንኳን ደስ አለሽ ብትዪ ሆድሽ እየተቃጠለ። እዚያ ውስጥ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ።

ከዚያ ሦስት ጊዜ ደወልሽ። አላነሳሁም። ስልኬ ድምፅ አልባ አልነበረም፤ አይቼዋለሁ። የምለው ስላጣሁና ስላፈርኩ ነው ያላነሳሁት፤ ምሽት ላይም “እንነጋገራለን” ብዬ ጻፍኩልሽ። ያ ቃል ከዝምታም የባሰ እንደነበር አሁን ሳነበው ይገባኛል፤ አለቃ ለሠራተኛ የሚጽፈው ይመስላል።

በመጨረሻም በ2014 ሁለተኛዋን ስወልድ ትልቁን ልጄን 11 ቀን ቤትሽ መያዝሽን አንስተሻል። “ረሳሽው” አልሽ። አልረሳሁትም። ግን ያደረግሁት የረሳ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ስለዚህ እንደረሳሁት ቢሰማሽ አልፈርድብሽም።

“ተቀይመሽ ከሆነ ይቅርታ” አልልሽም። አስቀይሜሻለሁ። ቃል ሰጥቼሽ ባለመጠበቄ፣ በቡድን ላይ እንድትሰሚው በማድረጌ፣ ስትደውዪም በመደበቄ ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ላይ “ግን” የሚል ቃል አልጨምርም።

ከዚህ በታች የሆነውን በኔ በኩል እጽፍልሻለሁ። አሁን ለማንበብ ልብሽ ካልፈቀደ እዚህ ላይ አቁሚው፤ ይቅርታዬ የታችኛውን እንድታነቢልኝ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። ሌላ ቀን ታነቢዋለሽ።

እሁድ ጥር 17 ከአሥራ ሁለታችን ዘጠኝ ነበርን። አንቺ ሱቅ ተረኛ ስለነበርሽ 10,000 ብርሽን በቴሌብር አስገብተሽ ነበር። የእቁቡን ልማድ ታውቂዋለሽ፦ አስቸኳይ ጉዳይ ያላት አስቀድማ ታስመዘግባለች፣ ጥያቄዋ ለአባላት ይነገራል፣ ሁሉም ከተስማማ ዕጣ ሳይወጣ ይሰጣታል፤ ካልሆነ ዕጣው ይወጣል። የኔ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊ ሆኜ ያንቺን ጥያቄ ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም፤ ለዳኛችንም አልነገርኳትም። “የኔዋ ናት፣ ዕለቱ ሲደርስ እናገራለሁ” ብዬ በሆዴ ያዝኩት። በታኅሣሥ ስብሰባ ላይ ሁለት መስመር ጽፌ ብሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ዕለቱ ሲደርስ ዳኛችን ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። ዕጣው የደረሳት እህታችን ጠዋት ደውላላት ነበር። ምክንያቱን የምነግርሽ እሷን አስፈቅጄ ነው፤ “ለሷ ንገሪያት፣ ከሷ አይለፍ” ብላኛለች፦ ባለቤቷ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ለቀዶ ጥገናው እስከ ረቡዕ ገንዘብ ማስያዝ ነበረባቸው። እኔ “ሌላም የጠየቀች አለች፣ የቤት ጉዳይ ነው” ብዬ ያንቺን ስም ጠራሁ። ዳኛችን “ተጽፏል?” አለችኝ። “አልተጻፈም” አልኩ፤ ከዚያም ዝም አልኩ። “ላልተጻፈው ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ደውለን እሷንም እንጠይቃት” ማለት ነበረብኝ። የሁለት ደቂቃ ስልክ ነበር። ሰው ሁሉ ስለታመመው ሰው እያዘነ እያለ “የኔ ጓደኛስ” ማለት ከበደኝና አፌን ያዝኩት። ስምሽን ጠርቻለሁ፣ ግን አልተሟገትኩልሽም። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን እንዳለ እንዲቀር አልፈልግም። “ከሷ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁበታል” ብለሻል። አልተነጋገርንም። እኔም የሰማሁት ከዳኛችን አፍ፣ እዚያው ስብሰባው ላይ፣ ቡና ሳይፈላ ነው። ከሷ ጋር ዝምድናም የተለየ ቅርበትም የለኝም። የተሰጣትም በዘጠኙ ስምምነት እንጂ በኔ ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊ ትጽፋለች፣ ትቆጥራለች፣ ብቻዋን አትሰጥም። ይህን የምልሽ ከላይ ያመንኩትን ለመመለስ አይደለም። ከኋላሽ የዶለትኩ መስሎሽ እንዳታድሪ ነው። የሆነው ፈሪነት ነው፤ ተንኮል የለበትም።

“ድሮም ሰው ፊት ጥሩ ለመባል እኔን ነው የምትሰጪው” ያልሽው አሞኛል። እውነት የለውም ብዬ ግን አልዘጋውም፤ እሁድ ዕለት ያደረግሁት ያንኑ ይመስላልና። ሌላም ጊዜ እንዲህ ተሰምቶሽ ከነበረ መቼ እንደሆነ ንገሪኝ። በጽሑፍ አልከራከርሽም፤ በጽሑፍ አንዷ ቃል ድምፅ ስለሌላት ሌላ ትመስላለች።

አሁን ቤቱ። ትላንት ማታ ለዳኛችን ደውዬ የጥፋቱን ሁኔታ ሳልደብቅ ነገርኳት። ዛሬ ደግሞ አባላቱን አንድ በአንድ በስልክ ጠየቅሁ፤ አሥሩም የየካቲት ዕጣ ያንቺ እንዲሆን ተስማምተዋል። የካቲት 15 እሁድ 120,000 ብሩ ያንቺ ነው። በቃል አላስቀረሁትም፤ ደብተሩ ላይ ስምሽንና ቀኑን ጽፌ ዳኛችንና ሁለት አባላት ፈርመውበታል። ዋስ አምጪ የምትባዪውም እንደ ልማዱ ነው፤ ከፈቀድሽ እኔ እፈርማለሁ፣ ካልፈለግሽኝ ሌላ ሰው አቅርቢ፣ አልቀየምም።

የሚቀረው ከጥር 20 እስከ የካቲት 15 ያለው ጊዜ ነው። አዲሷ አከራይ በወር 15,000 ሒሳብ የሦስት ወር ቅድሚያ 45,000 ብር ጠይቃሻለች ብለሽኝ ነበር። እኔ ጋ 40,000 ብር አለ፤ ነገ ጠዋት ባንክ ሄጄ ላስገባልሽ እችላለሁ። ብድር ነው፤ ዕጣሽን ስትወስጂ ትመልሺዋለሽ፣ ወለድ የለውም። ይቅር እንድትዪኝ የሚሰጥ እጅ መንሻ እንዳይመስልሽ። ገንዘቡን ወስደሽ ለአንድ ወር ባታናግሪኝም መብትሽ ነው። “ያንቺን ብር አልፈልግም” ካልሽም ይገባኛል፤ ያኔ ዳኛችን ከራሷ 20,000 እንደምታበድርሽ ነግራኛለችና በቀጥታ ደውዪላት፤ እኔ መሀል አልገባም።

ምክር አልጠየቅሽኝም፤ ይህችን አንዷን ብቻ ልጨምር፣ ብር የምታድን ስለሆነች ነው። በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አትችልም። በዚህ ሒሳብ 30,000 ብር ነው የሚሆነው። ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሆንና ይመዘገባል። ከሴትየዋ ጋር መጣላት አያስፈልግም፤ “ውሉን አብረን እናስመዝግብ፣ የሁለቱን ወር ዛሬ እከፍላለሁ” ማለት ይበቃል። ለዘገየው ቀን ምክንያቱ እኔ መሆኔን እንዲያውቁ ከፈለግሽ ለደላላውም ለሴትየዋም ደውዬ እናገራለሁ፤ ስምሽ በኔ ምክንያት እንዲጎድፍ አልፈልግም። ሳታዝዢኝ ግን አልደውልም።

በቡድኑ ላይ ምን ይባል? እኔ ያሰብኩት “የአንዷን አባላችንን ጥያቄ በወቅቱ ባለመመዝገቤ ስህተት ሠርቻለሁ፣ የየካቲት ዕጣ በስምምነት የሷ ነው” ብዬ ልጽፍ ነው። ስምሽ ይጠራ፣ አይጠራ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። የቤትሽን ጉዳይ ሁሉም እንዲያውቀው ላትፈልጊ ትችያለሽ፤ እሺ እስክትዪኝ ድረስ አልለጥፍም። ከዚህ ወር ጀምሮ ማንኛዋም አባል የምትጠይቀው በዚያው ቀን ደብተሩ ላይ ይሰፍራል፤ በስብሰባ ላይ ያልተገኘች ካለችም ሳይወሰን በፊት ይደወልላታል። ይህን ዳኛችን ተቀብላዋለች።

ዛሬ መልስ አትስጪኝ ብትፈልጊ። ያልገባኝ ወይም የዘለልኩት ነገር ካለ ግን በፈለግሽበት ሰዓት ጻፊልኝ፣ ቢረዝምም፣ ቢመርም አነበዋለሁ። ከደወልሽም አነሳለሁ፤ ሥራ ላይ ብሆንም ወጥቼ አነሳለሁ።

ቅዳሜ 9 ሰዓት ከሱቅ ስትወጪ እዚያው ጥግ ያለው ቡና ቤት እጠብቅሻለሁ። ልጆቹን ለባለቤቴ ትቼ ብቻዬን ነው የምመጣው፤ ብትቆጪኝም ሰው ፊት እንዳይሆን። አልችልም ካልሽ ቀኑን አንቺ ምረጪ።

የደብተሩን ገጽ ፎቶ ከዚህ በታች ልኬልሻለሁ። ስምሽ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ ቀኑና ፊርማዎቹ ከጎኑ አሉ። ስምሽን ስጽፍ ተሳስቼ ከሆነ ንገሪኝ፣ ነገ ጠዋት ሳይረፍድ አስተካክለዋለሁ።