የሚድ ፈተና ወረቀቴ እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ጅማ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የስታቲስቲክስ መምህሬ፣

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ትናንት የመለሱልንን የሚድ ወረቀት ማታ ዶርም ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አየሁት። ከ40 ያገኘሁት 23 ነው። አብዛኛው ስህተት የራሴ ነው፤ 2ኛው ጥያቄማ ጭራሽ አልገባኝም ነበር። ሁለት ቦታ ግን ቢያዩልኝ ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

አንዱ 3ኛው ጥያቄ ነው። የአምስት የቡና ዛፎች ምርት በኪሎ 2፣ 4፣ 4፣ 6 እና 9 ተብሎ ተሰጥቶ ቫሪያንሱን አስሉ ይላል። አማካዩ 5 ነው፤ የልዩነቶቹ ስኩዌር ድምር 28። እኔ ለ4 አካፍዬ 7 አልኩ። በቀይ የታረመው ግን ለ5 ተካፍሎ 5.6 ተብሎ ነው። ጥያቄው «ከማሳው በናሙና የተወሰዱ» ስለሚል ነው በ n-1 የሠራሁት።

ሌላው 6 ማርክ ያለው 5ኛው ነው። ቦታ ስላልበቃኝ መልሱን የጻፍኩት በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ ነው። እዚያ ራይትም ኤክስም የለም፤ ሽፋኑ ላይ ግን 0 ተሞልቷል። ሳይታይ ያለፈ ይመስለኛል። «ወደ ጀርባ ይዞራል» ብዬ አለመጻፌ የኔ ጥፋት ነው።

ወረቀቱ ላይ ምንም አልነካሁም። ነገ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ቢሮ እንደሚገኙ ስለነገሩን ይዤው ልመጣ አስቤያለሁ። ካልተመቸዎ በክፍል ተጠሪያችን እልከዋለሁ። ማርኩ ባይቀየር እንኳ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ተማሪዎ ሰሚራ
ሁለተኛ ዓመት፣ ሴክሽን 2