የድርሰቴ ዕቅድ፦ ለማስተርስ ነፃ የትምህርት ዕድል

አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ቅዳሜ ጠዋት

ጥያቄው አጭር ነው። ግብህን ግለጽ፤ ድጋፉ ለምን እንደሚያስፈልግህ አስረዳ። ከ600 ቃል እንዳያልፍ ይላል። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ዛሬ ዕቅዱን እጨርሳለሁ፣ ነገና ሰኞ እጽፋለሁ፣ ማክሰኞ ለጋሼ እልክላቸዋለሁ። ሃይድሮሊክስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የድጋፍ ደብዳቤውንም የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው።

ያለፈው ሳምንት ረቂቅ ይቅር። «ከልጅነቴ ጀምሮ አገሬን ማገልገል እመኝ ነበር» ብሎ ነው የሚጀምረው። እውነት ነው፤ ግን ማንም አመልካች ሊጽፈው ይችላል።

መግቢያ፣ 100 ቃል ገደማ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ የግቢያችን የጋራ ቧንቧ። ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። መጀመሪያ ቧንቧው ያፏጫል፣ አየሩ እየወጣ ነው። እማዬ ያን ፉጨት ሰምታ ትቀሰቅሰኛለች። ቢጫ ጀሪካኖቹን ይዘን እንሰለፋለን። አንድ ሌሊት ከላይ በኩል ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በአስፋልቱ ሲወርድ አየሁ። እኛ ጋ ግን ጠብ አላለም። እዚህ ላይ ማብራሪያ አልጨምርም፣ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ግብ፣ 230 ቃል። ሰፊውን ቦታ የሚወስደው ይሄ ነው። «የውሃ ችግርን መፍታት እፈልጋለሁ» ካልኩ ምንም አላልኩም። የምፈልገው ከመሬት በታች እየፈሰሰ የሚባክነውን ውሃ ማግኘት ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ይመጣል። ያ ሁሉ ተጣርቶ፣ በፓምፕ ተገፍቶ ከመጣ በኋላ መንገድ ላይ ሲቀር ያሳዝነኛል።

የታወቀ ዘዴ አለ። አንድን ሰፈር በቫልቭ ለይተህ የሚገባውን ውሃ ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ትለካለህ። ሰው ተኝቷል፤ ስለዚህ የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው የሚያፈስ ቧንቧ ነው። የእኛ ከተማ ላይ ግን ይሄ እንዳለ አይሠራም። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሰው በርሜልና ሮቶ የሚሞላው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ደግሞ ባዶ የቆየ ቧንቧ ውሃ ሲለቀቅበት ይመታል፣ ይሰነጠቃል፤ ግፊቱ ሲወርድ በስንጥቁ ቆሻሻ ይስባል። የማስተርስ ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ በፈረቃ በሚታደል መስመር ላይ ብክነትን እንዴት እንለካለን? ይህን አንቀጽ ኢንጂነር ያልሆነ አንባቢ እንዲረዳው ለታናሽ ወንድሜ አነብለታለሁ። የማይገባውን አወጣለሁ።

የሥራ ልምዴ ሁለት ዓመት ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ውጤቴን ትራንስክሪፕቱ ይናገራል።

ድጋፉ ለምን፣ 200 ቃል። እዚህ ጋ እፈራለሁ። ልመና እንዳይመስል ብዬ ስሸሽ ባለፈው ጊዜ ምንም ሳልናገር ቀረሁ። ስለዚህ ቁጥሩን በግልጽ አስቀምጣለሁ። እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ በወር 12,400 ብር ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የወጪ መጋራት ከተቆረጠ በኋላ ማለት ነው። ለቤት 5,500፣ ለትራንስፖርት 2,400፣ ለምሳ 2,000፣ ለወንድሜ 1,500። የሚተርፈው 1,000 ብር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን የውጭ ትምህርት ክፍያ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ቁጠባ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ስሌቱን ጽፌ እተወዋለሁ፣ አንባቢው ይደምረው።

ደመወዜ ቤት ውስጥ ለምን እንዲህ እንደሚያስፈልግም መግባት አለበት። በ2016 ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን። እማዬ ፒያሳ ጀበና ቡና ትሸጥ ነበር፤ ደንበኞቿ የቢሮ ሠራተኞችና የወርቅ ቤት ልጆች ነበሩ። አሁን ያለንበት ቦታ ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚመለሰው። ቡናዋን ማን ይጠጣላት? ማንንም መክሰስ አልፈልግም፤ ገቢዋ እንዴት እንደቀነሰ ብቻ።

«እኔ ስሄድ ቤቱን ማን ይይዛል?» ለሚለው ሁለት መስመር። የእማዬ ዕቁብ መስከረም ላይ ይወጣል፣ አጎቴም ለወንድሜ ትምህርት ቃል ገብቶልኛል።

መዝጊያ፣ 60 ቃል። ስመለስ የምሠራው አንድ ነገር፦ አንድ ሰፈር ለይቼ መለካት። ከተማውን በሙሉ አድናለሁ አልልም።

ዛሬ ማታ እማዬን መጠየቅ አለብኝ። ስለ ጀበናዋ ልጻፍ ወይስ አልጻፍ? ከከፋት ያንን አንቀጽ አወጣና ቁጥሮቹን ብቻ እተዋለሁ።