የጤፍ ናይትሮጅን መጠን ሙከራ፦ የመስክ መመሪያ፣ ምንጃር ሸንኮራ፣ የ2018/19 መኸር

ይህ መመሪያ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለመረጃ ሰብሳቢዎችና ማሳቸውን ለሰጡን አርሶ አደር ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ በዋልካ አፈር ላይ ለተዘራ ቁንጮ ጤፍ በሄክታር ስንት ኪሎ ናይትሮጅን ቢሰጠው ምርቱ ይጨምራል፣ ከየትኛው መጠን በኋላስ ጭማሪው ይቆማል?

መጠኖቹ አምስት ናቸው፦ 0፣ 23፣ 46፣ 69 እና 92 ኪሎ ናይትሮጅን በሄክታር። በቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ እና በ ብለናቸዋል። ሐ እና ሠ የተዘለሉት ሆን ተብሎ ነው፤ ማሳ ላይ ሲጠሩ ከሀ እና ከሰ አይለዩም፣ አንድ ከረጢት በስሕተት ከተበተነ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ፎስፈረሱ ለሁሉም እኩል ነው። ከኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ይልቅ ናይትሮጅን የሌለበትን ቲ ኤስ ፒ የምንጠቀመው ለዚህ ነው፦ 100 ኪሎ ኤን ፒ ኤስ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን ስላለ ዜሮ ያልነው ፕሎት ዜሮ መሆኑ ይቀራል። በሄክታር 100 ኪሎ ቲ ኤስ ፒ ማለት ለአንድ ፕሎት 120 ግራም ነው።

ቦታውና ብሎኮቹ

ፕሎቱ 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 12 ካሬ ሜትር ነው። በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት 15 መስመር ይይዛል። በፕሎቶች መካከል 1 ሜትር፣ በብሎኮች መካከል 1.5 ሜትር ክፍት ይተዋል። አምስት ፕሎት በአንድ ብሎክ፣ አራት ብሎክ፣ በድምሩ 20 ፕሎት ይሆናል። ዙሪያውን 2 ሜትር ጠርዝ ሲጨመር 23 በ24.5 ሜትር ያስፈልጋል።

ማሳው ወደ ታች ያዘነብላል፤ ታችኛው ጫፍ ነሐሴ ላይ ውኃ ያቁራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ብሎክ ተዳፋቱን አቋርጦ ይዘረጋል፦ ብሎክ 1 ከላይ፣ ብሎክ 4 ከታች። ብሎኩን ከላይ ወደ ታች ብንዘረጋው ከአምስቱ መጠኖች አንዱ ደረቁ ላይ፣ ሌላው ውኃው ላይ ይወድቅና ልዩነቱ የዩሪያው ይሁን የውኃው ማንም አይለየውም። በፕሎቶቹ መካከል ቦይ ይቆፈር፤ አለዚያ ጎርፍ የላይኛውን ዩሪያ ወደ ታችኛው ያወርደዋል።

ችካል ከመትከላችሁ በፊት አርሶ አደሩን ስለ ማሳው ታሪክ ጠይቁ። አምና ግማሹ ሽምብራ ግማሹ ስንዴ የነበረበት፣ የድሮ በረት ወይም የአመድ መድፊያ ያለበት፣ የግራር ጥላ የሚያርፍበት ክፍል አይያዝ። የበረት ቦታ ከዓመታት በኋላም በጤፉ መጥቆር ይታወቃል።

ዕጣው

ለእያንዳንዱ ብሎክ አምስት ካርዶች ቆብ ውስጥ ተጨምረው ለብቻው ዕጣ ወጥቷል። ከግራ ወደ ቀኝ፦

```
ብሎክ 1፦ መ በ ሀ ረ ለ
ብሎክ 2፦ ረ ሀ ለ በ መ
ብሎክ 3፦ በ ለ መ ሀ ረ
ብሎክ 4፦ ለ መ በ ሀ ረ
```

በብሎክ 3 እና 4 ሀ እና ረ አንድ አሰላለፍ ላይ ወድቀዋል። ዓይን ባይወደውም አይነካም፤ በእጅ ማስተካከል ከተጀመረ ዕጣው ዕጣ አይደለም። በተለይ «ጎብኚ ስለሚመጣ በ መንገድ ዳር ይሁን» የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም።

መዝራትና ዩሪያ

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። አንድ ፕሎት በመጠኑ መሠረት «ለ» 60፣ «መ» 120፣ «ረ» 180፣ «በ» 240 ግራም ይወስዳል። ሲሶው ሲዘራ (20፣ 40፣ 60፣ 80 ግራም)፣ ቀሪው ጤፉ ሲጎነቁል፣ ከተዘራ ከ30 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ (40፣ 80፣ 120፣ 160 ግራም) ይሰጣል። ሁሉም ከዋዜማው ቤት ውስጥ 1 ግራም በሚለይ ሚዛን ተመዝኖ፣ የብሎክና የፕሎት ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት ይታሰራል። ማሳ ላይ በእፍኝ ወይም በቆርቆሮ ክዳን መለካት ክልክል ነው።

ዘሩ በሄክታር 10 ኪሎ፣ ለፕሎት 12 ግራም ነው፤ ለአንድ መስመር 0.8 ግራም ብቻ ስለሚደርስ ከደረቅ አሸዋ ጋር ይቀላቀል። መስመሩ ተከፍቶ ማዳበሪያው ይገባል፣ ስስ አፈር ይለብሳል፣ ከዚያ ዘሩ ይወርዳል። ዩሪያ ዘሩን ከነካው ብቅለቱ ይሳሳል፣ የሚሳሳውም «በ» ላይ ይበልጣል፤ ያኔ ከፍተኛው መጠን ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። በሀ ፕሎትም መስመሩ ይከፈት፣ ቲ ኤስ ፒው ይግባ፣ አፈሩ ይመለስ።

ሁለተኛው ዩሪያ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ውኃ ሳይተኛበት፣ ቅጠሉ ጤዛውን ካራገፈ በኋላ ይሰጥ። አረምም ሆነ ዩሪያ አንዴ የተጀመረ ብሎክ በዚያው ቀን ይለቅ። ዝናብ ካቋረጣችሁ የሚለያዩት ብሎኮቹ ይሁኑ፤ በአንድ ብሎክ ውስጥ ሦስቱ ታርመው ሁለቱ ለነገ አይደሩ።

አጨዳና ሚዛን

ከጎንና ጎን ሁለት ሁለት መስመር፣ ከራስና ከግርጌ ግማሽ ግማሽ ሜትር ይቀራል። የሚታጨደው 11 መስመር በ3 ሜትር፣ 6.6 ካሬ ሜትር ነው። የጠርዝ ጤፍ ብርሃንና ቦታ ስለሚያገኝ ፍሬው ይበዛል፤ እሱን ጨምሮ መመዘን ምርቱን ከእውነቱ በላይ ያደርጋል።

«በ» የተሰጠው ጤፍ የመጋሸብ ዕድሉ ሰፊ ነው። የጋሸበ ፕሎት አይጣልም፣ አይደገፍም፤ መጋሸቡ ራሱ የመጠኑ ውጤት ስለሆነ በመቶኛ ተመዝግቦ እንዳለ ይታጨዳል። ከብት የበላው ግን ሌላ ነገር ነው፦ «የጠፋ» ተብሎ ይመዘገብ እንጂ ዜሮ አይጻፍ፣ በጎረቤቱም አይገመት።

ነዶው ፕሎት በፕሎት ሸራ ላይ ይወቃ። አውድማ ላይ በበሬ አይኬድም፤ የጤፍ ፍሬ ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል፣ ከሌላው ጋርም ይቀላቀላል። ፍሬው በነፋስ ከጭዱ ሲለይ ሸራው ሰፊ ይሁን። ጭዱም ይመዘን፤ አርሶ አደሩ የሚጠይቀው ስለ ፍሬው ብቻ አይደለም።

እርጥበቱ ተለክቶ ወደ 12.5 በመቶ ይስተካከላል፦

```
የተስተካከለ = ክብደት × (100 − እርጥበት) ÷ 87.5
በሄክታር = የተስተካከለ × 10000 ÷ 6.6
```

ለምሳሌ 1.05 ኪሎ በ14 በመቶ እርጥበት ቢመዘን 1.032 ኪሎ፣ በሄክታር 1564 ኪሎ ገደማ፣ 15.6 ኩንታል ይሆናል።

ማወዳደሪያው

በልዩነት ትንተና 19 ነፃነት ዲግሪ አለን፦ 3 ለብሎክ፣ 4 ለመጠን፣ 12 ለስሕተት። የስሕተቱ አማካይ ስኩዌር 20000 ቢወጣ የሁለት አማካዮች ልዩነት መደበኛ ስሕተት 100 ኪሎ ነው። ይህ ለ12 ዲግሪ ከቲ ሠንጠረዥ በሚገኘው 2.179 ሲባዛ ወለሉ 218 ኪሎ ይሆናል፤ ከዚያ በታች የሆነ ልዩነት ከአጋጣሚ አይለይም። ስለዚህ «በ» ከ«ረ» በ120 ኪሎ ቢበልጥ «92 ይሻላል» ብለን አንጽፍም። ሁለት ብሎክ ብቻ ቢኖረን የስሕተቱ ዲግሪ 4 ይሆንና ወለሉ ወደ 393 ኪሎ፣ አራት ኩንታል ገደማ ይወጣል፤ ድካሙን በከንቱ እናደርገዋለን ማለት ነው። የአንድን ፕሎት ምርት አራት ቦታ ከፍሎ መመዘንም ድግግሞሽ አይባልም፤ አፈሩም ዕጣውም አንድ ነውና።

ውጤቱ የአንድ ማሳና የአንድ መኸር ነው። በቀጣዩ ዓመት በሌላ ማሳ ላይ ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል፤ የዘንድሮው አሰላለፍ አይገለበጥም።