ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ

አትደንግጪ የኔ እናት፣ ምንም አልሆንሽም። የወር አበባሽ ነው የመጣው።

«ግን እማዬ፣ ቡናማ ነው እኮ!»

መጀመሪያ ላይ እንደዛ ሊሆን ይችላል፤ ጠብታ ብቻም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ብዙ ይመስልሻል እንጂ ሁሉም ቢጠራቀም ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ነው። ሞዴሱን በየ4 ሰዓቱ ቀይሪ። ሆድሽን ከቆረጠሽ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አደርግልሻለሁ።

በሚቀጥለው ወር ቢቀር አትጨነቂ፤ አንድ ሁለት ዓመት ይዘበራረቃል። ግን ሞዴሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሞላ ወይም ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ ንገሪኝ፤ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሺኝ።

እኔ ያኔ ለማንም ሳልናገር ሦስት ቀን አለቀስኩ። አንቺ ግን እኔ አለሁሽ። ሻይ ላፍላልሽ?