ስትረስ፣ ስትሬን እና ቤንዲንግ ሞመንት

መጀመሪያ ስለ ቃላቱ። ይህን ምዕራፍ ስተረጉም ስትረስን «ውጥረት» ብዬ ጀምሬ ነበር። ሁለት ገጽ ሳልሄድ ተጣላሁት። ውጥረት ስንል የሚታየን የተወጠረ ገመድ ነው። ሶሌታ የተጫነበት ኮለን ግን አልተወጠረም፤ ተጨምቋል። እሱም ስትረስ አለበት። «ጫና» ብለው ደግሞ ከላይ የመጣውን ሸክም ራሱን ይመስላል። ክፍል ውስጥም ፈተና ላይም የሚጠብቃችሁ የእንግሊዝኛው ስም ስለሆነ፣ ስሙን እንዳለ ትቼ ሐሳቡን በአማርኛ አስረዳለሁ።

ስትረስ

አንድ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ከላይ ተንጠልጥሏል እንበል። ጫፉ ላይ 20,000 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ዕቃ ታስሯል። አሁን ፌሮውን መሃሉ ላይ በሐሳብ ቁረጡት። የታችኛው ቁራጭ ለምን አይወድቅም? የላይኛው ስለያዘው ነው። አያያዙ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አይደለም፤ በተቆረጠው ፊት ሁሉ ላይ ተዳርሷል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ድርሻ ስትረስ ነው።

σ = F / A

የተቆረጠው ፊት ስፋት 113 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 20,000 ለ113 ሲካፈል 177 N/mm² ይሆናል፤ ይህም 177 ሜጋ ፓስካል ነው።

«ታዲያ ይሄ ግፊት አይደለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። መለኪያቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይምታታበታል። የውሃ ግፊት የጋኑን ግድግዳ ፊቱ ላይ ሆኖ ይገፋል፤ መግፋት እንጂ መጎተት አያውቅም። ስትረስ ግን ዕቃው ውስጥ ነው ያለው። ሊጎትት፣ ሊጨምቅ ወይም አንዱን ንብር በሌላው ላይ ሊያንሸራትት ይችላል።

ስትሬን

ይሄኛው ቀላል ነው። ዕቃው ምን ያህል ረዘመ ወይም አጠረ፣ ከመጀመሪያ ርዝመቱ አንጻር?

ε = ΔL / L

ርዝመት ለርዝመት ስለሚካፈል መለኪያ የለውም። ብረት ገና በራሱ ወደ ቦታው ሊመለስ በሚችልበት ልክ ውስጥ እያለ σ = E·ε ይሠራል። E ዕቃው መለጠጥንና መጨመቅን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚናገር ቁጥር ነው፤ የብረት E ወደ 200,000 N/mm² ነው። ስለዚህ የፌሯችን ስትሬን 177 ለ200,000፣ ማለትም 0.00088 ገደማ ነው። ፌሮው 3 ሜትር ከሆነ የሚረዝመው 2.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዓይን አታዩትም፤ ግን አለ።

ቤንዲንግ ሞመንት

ሞመንት እዚህ ጋ «ቅጽበት» አይደለም። ኃይል በርቀት ሲባዛ የሚገኝ የማዞር አቅም ነው። «የማጉበጥ ኃይል» ማለትም አያስኬድም፤ ኃይል በኒውተን ይለካል፣ ሞመንት ግን በኒውተን ሜትር።

አንድ ጣውላ በ4 ሜትር ልዩነት በቆሙ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ተጋድሟል። 700 ኒውተን የሚመዝን ግንበኛ መሃሉ ላይ ቆሟል። የጣውላውን የራሱን ክብደት ለጊዜው እንርሳው። እያንዳንዱ መደገፊያ 350 ኒውተን ይሸከማል። መሃሉ ከመደገፊያው 2 ሜትር ስለሚርቅ፦

M = 350 × 2 = 700 N·m

ግንበኛው ወደ አንዱ ጫፍ ቢጠጋ ትልቁ ሞመንት ይቀንሳል። ጣውላ የሚያስፈራው መሃሉ ላይ ሲቆሙ ነው፤ እግራችን ይህን ከፊዚክስ በፊት ያውቀዋል።

ጣውላው ውስጥስ ምን ይሆናል? ወፍራም የፍራሽ ስፖንጅ ቁረጡና ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ቀጥ ያሉ መስመሮች ከላይ ወደ ታች አስምሩ። ሁለቱን ጫፎች ደግፋችሁ መሃሉን ተጫኑት። መስመሮቹ ከላይ ይቀራረባሉ፣ ከታች ይራራቃሉ። ላዩ ተጨምቋል፣ ታቹ ተስቧል። በመካከል ያለው ንብር ግን አልረዘመም፣ አላጠረም። አንዱ ሞመንት ሁለት ዓይነት ስትረስ ወለደ ማለት ነው። ትልቁ የሚገኘው ላይኛውና ታችኛው ፊት ላይ ነው፦

σ = 6M / (b·h²)

b የጣውላው ወርድ፣ h ደግሞ ከላይ እስከ ታች ያለው ቁመቱ ነው፤ ልኮቹ በሚሊ ሜትር ስለሆኑ M በN·mm ይገባል፣ ማለትም 700,000። ጣውላው 200 በ50 ሚሊ ሜትር ከሆነና ጠፍጣፋውን ከተጋደመ፣ h ማለት 50 ነው፤ ስትረሱ 8.4 N/mm² ይወጣል። ያው ጣውላ በጠርዙ ቢቆም h 200 ይሆናል፤ ስትረሱ ወደ 2.1 ይወርዳል። እንጨቱ ያው፣ ሰውየው ያው፣ ልዩነቱ አራት እጥፍ! (መወጣጫ ላይ እንዳትሞክሩት፤ በጠርዙ የቆመ ጣውላ ይገለበጣል።)

ኮንክሪት መጨመቅን ይችላል፤ መሳብ ላይ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ በሁለት ኮለን መሃል ያለ ቢም ላይ ዋናው ፌሮ መሃሉ አካባቢ ከታች ይገባል።

መልመጃ

ከግድግዳ 1.2 ሜትር ወጥቶ የቀረ በረንዳ ጫፉ ላይ 500 ኒውተን የሚመዝን የአበባ ገንቦ ተቀምጧል። የበረንዳውን ክብደት ተዉት።

ሀ) ግድግዳው ጋ ያለው ሞመንት ስንት ነው?
ለ) ዋናው ፌሮ ከላይ ነው ከታች መግባት ያለበት?

መልስ፦ ሀ) 600 N·m። ለ) ከላይ። በረንዳው ወደ ታች ሲጎብጥ የሚሳበው ላይኛው ፊቱ ነው። ካላመናችሁ ስፖንጁን በአንድ ጫፉ ብቻ ይዛችሁ ሌላውን ጫፍ ወደ ታች ተጫኑት፤ መስመሮቹን እዩ።